ከሙሉ ጊዜ ወደ ከፊል ጊዜ፦ የተመጣጣኝ ድርሻ ስሌት በብሪታንያ የሥራ ሕግ

አንድ ሠራተኛ በሳምንት አምስት ቀን ይሠራበት የነበረውን የሥራ መደብ ሳይለቅ ወደ ሦስት ቀን ሲያወርደው ደመወዙ፣ የዓመት ፈቃዱና አበሎቹ በምን ስሌት ሊወርዱ እንደሚገባ የሚወስነው መርሕ ተመጣጣኝ ድርሻ ይባላል፤ በብሪታንያ የሥራ ውሎች ላይ ደግሞ በላቲን ስሙ ፕሮ ራታ ተብሎ ይጻፋል። መርሑ ለከፊል ጊዜ ሠራተኛው የሚሰጠው ጥቅም ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ በሥራ ሰዓቱ ልክ መሆን አለበት ይላል፤ አነጋገሩ ቀላል ቢሆንም በተግባር ግን አሠሪዎች አንዲቱን ክፍልፋይ በደመወዝ መዝገቡ መስመር ሁሉ ላይ እኩል ስለሚያባዟት ሠራተኛው ሊያጣው የማይገባውን ያጣል፤ አልፎ አልፎም ሊያገኘው የማይገባውን ያገኛል። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን የሚመለከተው ሕጉ በጽሑፍ ከተደራጀባቸውና በርካታ ኢትዮጵያውያንም ተቀጥረው ከሚሠሩባቸው አገሮች በአንዷ በብሪታንያ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ብይኖች ጉዳዩን በቀረጹበት ቦታ እነርሱንም ያነሣል። ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር በቀር ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብሪታንያው መሠረታዊ ሕግ በ2000 ወጥቶ በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሥራ ላይ የዋለው የከፊል ጊዜ ሠራተኞችን ከዝቅተኛ አያያዝ የሚከላከለው ደንብ ነው። ደንቡ በአጠቃላይ ተበደልሁ የሚል የከፊል ጊዜ ሠራተኛ በተመሳሳይ ዓይነት ውል የሚሠራ፣ ሥራውም በአመዛኙ ተመሳሳይ የሆነ የሙሉ ጊዜ ባልደረባ ፈልጎ ከእርሱ ጋር ራሱን እንዲያነጻጽር ይጠይቃል፤ ብዙ አቤቱታ የሚወድቀውም እንዲህ ያለ ባልደረባ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሲጠፋ ነው። ከሙሉ ጊዜ ወደ ከፊል ጊዜ ለተዛወረ ሠራተኛ ግን የደንቡ አንቀጽ 3 የተለየ መንገድ ከፍቶለታል። ይህ ሠራተኛ የሚነጻጸረው ከራሱ የቀድሞ ውል ጋር ስለሆነ ከሌላ ሰው ደመወዝ ጋር መተያየት አያስፈልገውም፤ ሰዓቱ ከመቀነሱ በፊት የነበረው ውል ራሱ መለኪያው ይሆናል። የወሊድ ፈቃድን በመሰለ ምክንያት ከሥራ ርቆ በዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ ወደዚያው ሥራ በከፊል ጊዜ ለተመለሰ ሠራተኛም ተከታዩ አንቀጽ ተመሳሳይ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ከዝውውሩ በፊት የነበረው ውልና የመጨረሻዎቹ የሙሉ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶች በጥንቃቄ መያዝ ያለባቸው ማስረጃዎች ናቸው።

ስሌቱ የሚጀምረው ክፍልፋዩን በትክክል ከማግኘት ነው። በዓመት 30,000 ፓውንድ እየተከፈላት በሳምንት 37.5 ሰዓት፣ ማለትም በቀን 7.5 ሰዓት አምስት ቀን ትሠራ የነበረች አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራዋን ወደ ሦስት ቀን፣ ማለትም ወደ 22.5 ሰዓት አወረደች እንበል። 22.5 ለ37.5 ሲካፈል 0.6 ይሰጣል፤ የዓመት ደመወዟ 18,000 ይሆናል፤ የወር ክፍያዋም ከ2,500 ወደ 1,500 ፓውንድ ይወርዳል። ስሌቱ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው የሰዓት ዋጋውን ከለውጡ በፊትና በኋላ በማስተያየት ሲሆን፣ በዚህ ምሳሌ በሁለቱም ጊዜ 15.38 ፓውንድ ገደማ ነው። የሰዓት ዋጋው ወርዶ ከተገኘ አንድ ቦታ ላይ ስሕተት አለ ማለት ነው፤ ስሕተቱም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በአካፋዩ ላይ ነው። ለምሳሌ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ቢሮ የሚቆይ ሠራተኛ ክፍያ የሌለው የግማሽ ሰዓት የምሳ ዕረፍት ካለው በሳምንት የሚሠራው 37.5 ሰዓት ሲሆን፣ የምሳውን ሰዓት ጨምሮ ሙሉውን ሳምንት 40 ብሎ የሚቆጥር፣ ከፊሉን ግን ያለ ምሳ 22.5 ብሎ የሚይዝ የሒሳብ ሠራተኛ 0.5625 ያገኛል፤ ደመወዟም 16,875 ሆኖ በዓመት 1,125 ፓውንድ ሳይታወቅ ይጎድላል። ከላይና ከታች የሚቀመጡት ቁጥሮች በአንድ መስፈሪያ መሰፈር አለባቸው።

ሁለተኛው የክፍልፋይ ችግር ከወረቀቱ ውጭ ያለ ሲሆን ይበልጥ ሥር የሰደደም ነው፤ ይኸውም ደመወዙ በተቀነሰበት መጠን ሥራው አለመቀነሱ ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ያስተማረው የብሪቲሽ ኤርዌይስ ጉዳይ ነው። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ዐሥራ አራት ቀን ሠርታ ዐሥራ አራት ቀን የምታርፍበትን የከፊል ጊዜ ውል ያዘች፤ ደመወዟም የሙሉ ጊዜው ግማሽ ሆነ። ውሉ ግን በዓመት ለ130 ቀን ለሥራ ዝግጁ እንድትሆን ሲያስገድዳት ከሙሉ ጊዜ ባልደረባዋ የሚጠበቀው 243 ቀን ስለነበር፣ ግማሽ ደመወዝ እየተከፈላት 53.5 በመቶ ዝግጁነት ተጠይቃለች ማለት ነው። አየር መንገዱ በተግባር የበረረችው ሰዓት ከዚያ ያነሰ መሆኑን በቁጥር እያሳየ ቢከራከርም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2018 ውሉ ራሱ ዝቅተኛ አያያዝ መሆኑን ተቀበለ፤ አየር መንገዱ ለዚህ ልዩነት በቂ ምክንያት አለው ወይ የሚለው ብቻ ወደ ሥር ችሎት ተመልሶ እንዲታይ ሆነ። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ክፍልፋዩ ውሉ ሠራተኛውን ከሚያስርበት ጊዜ ሁሉ ጋር መመዛዘን እንዳለበት ነው፤ የስብሰባ፣ የተጠባባቂነትና የሥልጠና ሰዓት ሳይቀነስ ደመወዙ ብቻ ከተቀነሰ ተመጣጣኝ ድርሻ ተከብሯል ማለት አይቻልም።

የዓመት ፈቃድ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው፤ ለውጡ በፈቃድ ዓመቱ መካከል ሲመጣ ደግሞ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የብሪታንያ ሕግ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት 5.6 ሳምንት ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይሰጣል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ 28 ቀን፣ ሦስት ቀን ለሚሠራ 16.8 ቀን ነው። በየዓመቱ በእንግሊዝ የሚከበሩት ስምንት የባንክ ሆሊደይ ቀናት በዚህ ውስጥ ሊቆጠሩ ይችላሉ። አሠሪው ከሕጉ ዝቅተኛ ልክ በላይ መስጠት ስለሚችል የምሳሌያችን ሠራተኛ ውል 25 ቀን ፈቃድና ስምንት የበዓል ቀን፣ በድምሩ 33 ቀን የሚሰጥ እንደሆነ ይወሰድ፤ የፈቃድ ዓመቱም ከጥር እስከ ታኅሣሥ ይሁን። የመጀመሪያው እርምጃ ቀኖቹን ወደ ሰዓት መለወጥ ነው፤ 33 ቀን በ7.5 ሲባዛ 247.5 ሰዓት ይሆናል። በሰዓት መቁጠር ያስፈለገው የቀን ርዝመት ሊለያይ ስለሚችል ነው። ይህችው ሠራተኛ 22.5 ሰዓቷን በአምስት አጫጭር ቀናት ብትከፋፍለው ክፍልፋዩ ያው 0.6 ሆኖ ሳለ ቀኖቿ ግን አምስት ስለሚሆኑ፣ በቀን የተቆጠረ ፈቃድ እንደ አቆጣጠሩ ወይ ይበዛላታል ወይ ያንሳታል፤ በሰዓት የተቆጠረው ግን አይዛነፍም።

ቀጥሎ ዓመቱ ለሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በሙሉ ጊዜ ያፈራችው የ247.5 ግማሽ፣ ማለትም 123.75 ሰዓት ነው፤ በቀሪዎቹ ስድስት ወራት የምታፈራው የዚያው ግማሽ በ0.6 ተባዝቶ 74.25 ሰዓት ስለሆነ የዓመቱ ድምር 198 ሰዓት ይመጣል። እስከ ሰኔ መጨረሻ ዐሥር ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ በዚያ ጊዜ የዋሉትን አምስት የባንክ ሆሊደይ ቀናትም አርፋ ከሆነ 112.5 ሰዓት ተጠቅማለች፤ ለቀሪው ዓመት 85.5 ሰዓት፣ ይኸውም በ7.5 ሰዓት ቀን ሲሰላ 11.4 ቀን ይቀራታል። የተለመደው ስሕተት ግን ሙሉውን ዓመት በ0.6 ማባዛት ነው። እንዲህ ሲደረግ የዓመቱ ፈቃድ 148.5 ሰዓት ብቻ ሆኖ ይታያል፤ የተወሰደው ሲቀነስበትም 36 ሰዓት ብቻ ይተርፋል። ልዩነቱ 49.5 ሰዓት፣ ማለትም ስድስት ቀን ከግማሽ በላይ ሲሆን፣ ሠራተኛዋ በሙሉ ጊዜ ሠርታ ያፈራችውን ፈቃድ ሰዓቷን ስለቀነሰች ብቻ ወደ ኋላ ተመልሶ መንጠቅ ነው። ጉድለቱን ለማወቅ በዓመቱ መካከል ፈቃዱን ያሳነሰው ቁጥር ከለውጡ ቀን በፊት ያለውን ጊዜ ነክቶ እንደሆነ ማየት ይበቃል።

ይህን ነጥብ የዘጋው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ነው። በኦስትሪያ የቲሮል ክፍለ ግዛት የሚሠሩ ሠራተኞች ከሙሉ ወደ ከፊል ጊዜ ሲዛወሩ ያልተጠቀሙበት ፈቃድ እንዲቀነስ ወይም በአነስተኛው ደመወዝ እንዲከፈል ያደርግ የነበረውን ሕግ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2010 ተቃወመው፤ በሙሉ ጊዜ የተፈራ ፈቃድን ሠራተኛው ለመውሰድ ዕድል ካላገኘ በኋላ በመጣው የሰዓት ለውጥ ምክንያት ማሳነስ አይቻልም አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከጀርመን የታችኛው ሳክሶኒ ግዛት በመጣ ጉዳይ፣ አምስት ቀን ትሠራ የነበረች ሠራተኛ ወደ ሦስት ቀን ስትወርድ አሠሪዋ የዕረፍት ሳምንታቱ ቁጥር ስላልተቀነሰ የጎደለ ነገር የለም ሲል ተከራከረ፤ ምክንያቱም በሳምንት ሦስት ቀን ለሚሠራ ሰው አንድ ሳምንት ለማረፍ ሦስት የፈቃድ ቀን ይበቃዋል። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ውድቅ አደረገው፤ ሠራተኛው በሙሉ ጊዜ ሲሠራ ያፈራቸው ቀኖች ብዛት ከዚያ በኋላ በሚይዘው የሥራ ሳምንት አይተመንምና። በ2015 ከእንግሊዝ በቀረበ ሌላ ጉዳይ ሰዓት ሲጨምር ቀድሞ የተፈራው ፈቃድ ወደ ኋላ ተመልሶ ከፍ ማለት እንደማያስፈልገው ስለተወሰነ፣ መርሑ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ነው፤ የየዘመኑ ፈቃድ በየዘመኑ ሰዓት ይሰፈራል። በቲሮል ብይን ውስጥ ያለው ገደብ ግን ሊረሳ አይገባም፤ የሠራተኛው ክርክር ከሁሉ የሚጠነክረው ፈቃዱን ከለውጡ በፊት ለመውሰድ በእርግጥ ዕድል ያላገኘ እንደሆነ ነው።

የበዓል ቀናት ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ2026 ሁለተኛ አጋማሽ የሚውሉት የባንክ ሆሊደይ ቀናት የነሐሴው መጨረሻ ሰኞ፣ ዓርብ የሚውለው የገና ቀንና በማግሥቱ ያለው በዓል ቅዳሜ ስለሚውል በምትኩ የሚታረፈው ሰኞ ናቸው። ሠራተኛዋ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ብትሠራ በሥራ ቀኗ የሚውለው አንዱ ብቻ ስለሆነ ከ85.5 ሰዓቷ 7.5 ተቀንሶ 78 ይቀራታል፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ብትሠራ ግን ሁለቱ ስለሚያርፉባት 70.5 ይቀራታል። ድምሩ በሁለቱም አንድ ነው፤ የሚለየው እርሷ በመረጠችው ቀን የምትወስደው ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው። በዓሉን ከፈቃዱ ለይተው ለሚያርፈው ብቻ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ሰኞ የማይሠሩትን ሠራተኞች ይጎዳሉ፤ ሆኖም በስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2007 የተወሰነው ጉዳይ እንደሚያሳየው ሕጉ ይህን ሁልጊዜ አይከለክልም፤ በዚያ መሥሪያ ቤት ሰኞ የማይሠራ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛም ቢሆን በዓሉን ያጣ ስለነበር ጉዳቱ ከከፊል ጊዜነት የመጣ አይደለም ተብሏል። በሕግ የተፈቀደ ሁሉ ጥሩ አሠራር አይደለም፤ ፈቃድና በዓልን በአንድ የሰዓት ቋት የሚያስቀምጡ አሠሪዎች ክርክሩን ከሥሩ ያስቀራሉ።

ለማነጻጸር ያህል፣ በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሆኖ በየሁለት ተጨማሪ የአገልግሎት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን የሚታከልበት በመሆኑ መለኪያው ቀን እንጂ ሰዓት አይደለም። ሰዓቱን በስምምነት ለሚቀንስ ሠራተኛ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የሚበጀው የለውጡን ቀንና እስከዚያ ያፈራውን ፈቃድ በውሉ ማሻሻያ ላይ በሰዓት ማስጻፍ ነው።

አበልን በተመለከተ አንድ ወጥ ሕግ መፈለግ ከንቱ ነው፤ መጠየቅ ያለበት አበሉ ለምን እንደሚከፈል ነው። ለተሠራ ጊዜ የሚከፈል አበል፣ ለምሳሌ በለንደን የኑሮ ውድነት ምክንያት በደመወዝ ላይ የሚታከለው ጭማሪ፣ እንደ ደመወዙ በ0.6 ይባዛል። ሠራተኛው ለሥራው ሲል ያወጣውን ለመተካት የሚከፈል፣ ለምሳሌ የመኪና ጉዞ በማይል የሚታሰብ ወጪ ወይም በተጠባባቂነት ላደረበት ለእያንዳንዱ ሌሊት የተወሰነ ክፍያ፣ ከቶ ሊባዛ አይገባውም፤ ጥቂት የሠራ ጥቂት ስለሚያወጣ መጠኑ በራሱ ይስተካከላልና፤ በ0.6 ከተባዛ አንዱ ቅነሳ ሁለት ጊዜ ተቀነሰ ማለት ነው። ይህ ድርብ ቅነሳ በደመወዝ ወረቀት ላይ ከሚገኙት ስሕተቶች ሁሉ ለማየት ቀላሉ ሆኖ ሳለ እምብዛም አይታይም። የሚያከራክሩት በሁለቱ መካከል ያሉት ናቸው። የልጅ አበል ለምሳሌ የልጁ ወጪ በወላጁ የሥራ ሰዓት ስለማይቀንስ ሙሉ ይከፈል ሊባል ይችል ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በኦስትሪያ ባንኮች የኅብረት ስምምነት ላይ በ2014 በሰጠው ብይን አበሉ የደመወዝ አካል ስለሆነ ተመጣጣኝ ድርሻው ቢሰላበት ሕገ ወጥ አይደለም አለ። ውሳኔው ለብዙ ወላጆች ቢመርም አመክንዮው የጸና ነው፤ አበሉን የሚሰጠው አሠሪው እንጂ መንግሥት ስላልሆነ። እንደ ጤና መድን ያለ ሊከፋፈል የማይችል ጥቅም ግን የማይከፋፈል መሆኑ ብቻ ለከፊል ጊዜ ሠራተኛ ለመንፈግ በቂ ምክንያት አይሆንም።

የትርፍ ሰዓት ክፍያም የራሱ ጠርዝ አለው። በብሪታንያው ደንብ መሠረት በ22.5 ሰዓት የተዋዋለች ሠራተኛ 30 ሰዓት ብትሠራ ለተጨማሪው ጊዜ የሚከፈላት በመደበኛው የሰዓት ዋጋ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ጭማሪ የምታገኘው የሙሉ ጊዜው ልክ፣ ማለትም 37.5 ሰዓት ሲታለፍ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በ2023 በሉፍታንዛ ቅርንጫፍ አየር መንገድ አብራሪዎች ጉዳይ፣ በ2024 ደግሞ በጀርመን የኩላሊት እጥበት ድርጅት ሠራተኞች ጉዳይ፣ ለሁሉም አንድ የሆነ ጣራ የከፊል ጊዜ ሠራተኛውን ይጎዳል ወደሚል አቋም ስለሄደ፣ በጀርመን የሚሠራና በእንግሊዝ የሚሠራ ሠራተኛ በዚህ ነጥብ ላይ ዛሬ የተለያየ መልስ ያገኛሉ።

በተመጣጣኝ ድርሻ የማይሰሉ ሁለት መስመሮች በደመወዝ ወረቀቱ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሠራሉ። የገቢ ግብር የማይነካው 12,570 ፓውንድ በክፍልፋዩ ስለማይቀንስ፣ በሙሉ ዓመት ሲታይ የምሳሌያችን ሠራተኛ ጠቅላላ ደመወዝ ወደ 60 በመቶ ቢወርድም ግብርና የብሔራዊ መድን መዋጮ ተቀንሶ እጇ የሚገባው ከቀድሞው ወደ 66 በመቶ ገደማ ይሆናል። የጡረታ መዋጮ ግን በተቃራኒው ይወድቃል። ሕጉ በሚያስገድደው ዝቅተኛ ስሌት መሠረት ጠቅላላው የ8 በመቶ መዋጮ የሚታሰበው ከ6,240 ፓውንድ በላይ ባለው ደመወዝ ላይ ስለሆነና ይህ ወለል ለማንም ስለማይቀንስ፣ በ30,000 ደመወዝ መዋጮ የሚታሰብበት 23,760 ሲሆን በ18,000 ግን 11,760 ብቻ ነው፤ ይህም ከግማሽ ያነሰ ነው። ሰዓቷን በአርባ በመቶ የቀነሰች ሠራተኛ የጡረታ ቁጠባዋን ከሃምሳ በመቶ በላይ ትቀንሳለች፤ ይህን ሳያውቁ የሚፈርሙት ብዙዎች ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ደግሞ የሚታየው ሥራው ሲያከትም ነው። የመደብ ቅነሳ ካሳ የሚሰላው በመጨረሻው የሳምንት ደመወዝ ስለሆነ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጊዜ ሠርታ በመጨረሻው ዓመት ሰዓቷን የቀነሰች ሠራተኛ የዐሥራ ስድስቱም ዓመት ካሳ በከፊል ጊዜው ደመወዝ ይታሰብላታል። የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት በ1999 በሚድላንድ ባንክ ላይ በቀረበው ክስ ይህ ዓይነቱ ስሌት ሴቶችን ያለ አግባብ አይለይም ብሎ አጽንቶታል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2009 ከቤልጅየም በመጣ ጉዳይ ቅነሳው የወላጅነት ፈቃድ ሲሆን ካሳው በሙሉ ደመወዝ መሰላት አለበት ቢልም፣ ያ ብይን በራስ ጥያቄ ለዘለቄታው የተቀነሰ ሰዓትን አይሸፍንም። በፈቃድ ላይ የጸናው መርሕ፣ ያለፈው በያለፈው ሰዓት ይሰፈር የሚለው፣ በካሳ ላይ አለመጽናቱ የዚህ ሕግ ትልቁ ጉድለት ነው።

የሰዓት ቅነሳ የሚጠየቅበት መንገድ ከሚያዝያ 6 ቀን 2024 ወዲህ ቀልሏል፤ ሠራተኛው ከተቀጠረበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ በዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይችላል፤ አሠሪውም ይግባኙን ጨምሮ በሁለት ወር ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት። ጥያቄው ከተፈቀደ ግን፣ የሙከራ ጊዜ ወይም የተወሰነ ቀን በጽሑፍ ካልተቀመጠለት በቀር፣ የውል ለውጡ ዘላቂ ነው፤ ወደ ሙሉ ጊዜ የመመለስ መብትም አብሮ አይመጣም። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት የለውጡ ቀን፣ አዲሱና የቀድሞው ሳምንታዊ ሰዓት፣ እስከዚያ ቀን የተፈራው ፈቃድ በሰዓት፣ የሚባዙትና የማይባዙት አበሎችም ተለይተው መጻፍ አለባቸው። ከፈረመ በኋላ በስሌቱ የተበደለ የሚመስለው ሠራተኛ ደግሞ በ2000ው ደንብ አንቀጽ 6 መሠረት አሠሪው ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል፤ አሠሪውም በ21 ቀን ውስጥ መመለስ ግዴታው ነው።